ሙዚቃና ድምፅ በሬዲዮ ማስታወቂያ ስክሪፕት

በሬዲዮ ማስታወቂያ ስክሪፕት ውስጥ የሚጻፍ የሙዚቃ ወይም የድምፅ መመሪያ፣ ከተራኪው ንግግር በፊት፣ በኋላ ወይም ከሥሩ ምን እንደሚሰማ የሚገልጽ አጭር መስመር ነው። መስመሩ የሚጻፈው ከንግግሩ ጋር አብሮ ነው። ለስቱዲዮ ከተተወ አቀናባሪው የሚመርጠው ለራሱ ጆሮ የሚስማማውን እንጂ የምርቱን ጠባይ የሚገልጸውን ላይሆን ይችላል።

ለምሳሌ ጠዋት ወደ ሥራ ለሚጣደፉ ወጣቶች የሚሸጥ የተፈጨ ቡና አለ እንበል። ባለቤቶቹ ምርታቸው «ፈጣንና ተጫዋች» ሆኖ እንዲታወቅ ይፈልጋሉ። የ30 ሰከንዱ ማስታወቂያ የመጀመሪያ ረቂቅ «ሙዚቃ፦ ደስ የሚል ባህላዊ» ይላል። ይህን ያነበበ ባለሙያ በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ዝግ ያለ የማሲንቆ ዜማ ቢያስገባ አይፈረድበትም። ትዝታ ግን ናፍቆትን ይዞ ስለሚመጣ፣ አድማጩ የእናቱን ቤት ያስባል እንጂ ወደ ታክሲ አይሮጥም። ለሌላ ቡና ግሩም ምርጫ ይሆን ነበር። ስለዚህ መስመሩ መሣሪያውን፣ ፍጥነቱንና ቆይታውን እንዲናገር ተደርጎ እንደገና ይጻፋል፦

ሙዚቃ፦ ክራር ብቻውን፣ ፈጣን ምት፣ ዘፈን የሌለበት። 3 ሰከንድ ይሰማል፤ ተራኪዋ ስትጀምር ከድምፅዋ ሥር ዝቅ ይላል።
ድምፅ፦ ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ አንድ ጊዜ።
ተራኪ፦ ቡናዬን ጠጣሁ፤ ታክሲውም አላመለጠኝም!

ዘፈን የሌለበት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር አንዱም በደንብ አይሰማም።

የድምፅ ምርጫ የራሱ ወጥመድ አለው። ቡና ሲቆላ የሚሰማው መንጫጫት፣ ሳይታይ በሬዲዮ ብቻ ሲሰማ ከዝናብ ጋር ይምታታል፤ ሲቀዳ የሚሰማውም ከሻይ ወይም ከውኃ አይለይም። በዚህ ምክንያት ከድምፁ አጠገብ ነገሩን የሚጠራ ቃል ይቀመጣል፤ ከላይ ተራኪዋ በመጀመሪያ ቃሏ «ቡናዬን» ያለችው ለዚሁ ነው። ዝቅ ያለ የከበሮ ጉምጉምታም በስቱዲዮ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ቢያምርም በትንሽ ስልክ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቅጂውን በስልክ ማዳመጥ ይጠቅማል።

ሙዚቃው ጊዜም ይበላል። በመክፈቻና በመዝጊያ 3 ሰከንድ ብቻውን ከተሰማ ለንግግር የሚቀረው 24 ሰከንድ ነው። ስክሪፕቱ ጮክ ተብሎ በሰዓት ሲነበብ ከዚህ ካለፈ የሚቀነሰው ቃል ነው፤ ተራኪዋን ማጣደፍ ፈጣኑን ምርት የተደናገጠ ያስመስለዋል።

ምርጫው መስመሩን ማሟላቱ የሚፈተነው የምርቱን ስም ሸፍኖ በማዳመጥ ነው። ያው ሙዚቃ ለተወዳዳሪው ቡና እኩል የሚሆን ከሆነ ጠባዩ ገና አልተገኘም። ታዋቂ ዘፈን መዋስ አቋራጭ ቢመስልም፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አድማጩም ዘፋኙን አስታውሶ ቡናውን ሊረሳ ይችላል።