መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የሚጻፍ ደብዳቤ

«ዕቃችሁ እየዘገየ ነውና ይታሰብበት» የሚል ደብዳቤ የአከፋፋዩን መኪና አያስነሳም። የሚያስነሳው ቁጥር ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በቀን 20 ካርቶን የምግብ ዘይት ይሸጣል እንበል። ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ 9 ቀን ከፈጀ፣ ሥራ አስኪያጁ በሚያዝበት ቀን 180 ካርቶን በእጁ ሊኖር ይገባል፤ መጋዘኑ ግን የሚይዘው 120 ብቻ ነው። ሞልቶ እያለ ቢያዝ እንኳ በ6 ቀን ያልቃል፤ የሦስት ቀን ገበያ፣ ማለትም 60 ካርቶን፣ ያመልጠዋል።

ደብዳቤው ይህን ስሌት፣ የእያንዳንዱን ትዕዛዝና ርክክብ ቀን ጨምሮ፣ ያስቀምጥና «ርክክቡ በ5 ቀን ይሁንልን» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ 100 ካርቶን ይበቃል፤ የቀረው 20 ለአንድ ቀን መዘግየት መጠባበቂያ ይሆናል።

ቶሎ ቶሎ መመላለስ ግን አከፋፋዩን ነዳጅ ያስወጣዋል። ስለዚህ ብልህ ሥራ አስኪያጅ በምላሹ የወሩን ትዕዛዝ አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ወይም ክፍያውን ያፋጥናል። መዘግየቱ የመጣው የሱቁ ቼክ ሳይፈረም እየከረመ ከሆነማ፣ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ቼኩ ይፈረም።