ዓመቱ ብቻ የሚታወቅ የልደት ቀን

ዓመቱ ብቻ የሚታወቅ የልደት ቀን የሚባለው የአንድ ሰው የትውልድ ዓመት ታውቆ ወሩና ዕለቱ ሳይታወቁ ሲቀሩ ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታው በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺን በመንግሥት መዝገብ የመመዝገብ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ማስረጃው የቤተሰብ ትዝታ ነው። ብዙዎቹ ቅጾች ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስቱም ካልተሞሉ አያሳልፉም። በዚህ ምክንያት ቅጹን የሚሞላው ሰው ያልታወቀውን ቀን ከራሱ ይጨምራል። የተጨመረው ቀን ግምት መሆኑ ካልተጻፈ ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ እውነተኛ የልደት ቀን ይቆጠራል።

## አንዱ ዓመት በሁለት ዓመት ላይ ሲያርፍ

የኢትዮጵያ ዓመት በመስከረም ስለሚጀምር አንዱ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ዓመቶችን ይነካል። ለምሳሌ «የተወለድኩት በ1945 ነው» የሚሉ አንዲት እናትን እንውሰድ። መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መስከረም (ሴፕቴምበር) 11 ቀን 1952 ነበር። ዓመቱ ያበቃው ጳጉሜን 5 ቀን ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1953 ነው። ከ365ቱ ቀናት 112ቱ በ1952፣ የቀሩት 253ቱ በ1953 ይውላሉ።

ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ በትክክል ቢታወቅም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን ዓመቱ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። «ዓመቱን ብቻ ጻፍ» የሚል የውጭ አገር ቅጽ እንኳ ለእኚህ እናት አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም። ሌላ ፍንጭ ከሌለ ሚዛኑ ወደ 1953 ያደላል፤ ምክንያቱም ከዓመቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በዚያ በኩል ነው።

## የጃንዋሪ 1 ልማድ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠሩ ቅጾች ላይ የተለመደው መፍትሔ ጃንዋሪ 1 ብሎ መሙላት ነው። ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች በስደት የሄዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በወረቀታቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 የሆነው ለዚህ ነው። ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ወንድማማቾች፣ በሰነድ ላይ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ በ7 እና በ8 መካከል ያለው ምርጫ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በ1945 ላይ 8 ሲደመር የሚገኘው ጃንዋሪ 1 ቀን 1953 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1945 ነው፤ ማለትም ከተባለው ዓመት ውስጥ ነው። 7 ሲደመር የሚገኘው ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1944 ይሆናል። እናትየው በ1944 ተወለድኩ ብለው አያውቁም። ይህ ስሌት በሌሎች ዓመቶችም አይለወጥም፤ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ከሆነ የሚደመረው 8 ነው፣ ውጤቱም ሁልጊዜ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ያርፋል። 7 የሚደመረው ቀኑ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ጃንዋሪ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ሲታወቅ ነው።

የስህተቱ መጠን የሚታየው ዕድሜ በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በ1945 የተወለደ ሰው 60 የሚሞላው ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በአንዱ ቀን ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ተብሎ የተመዘገበ ሰው ግን በሰነዱ መሠረት 60 የሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ነው፤ ይህም ሊሆን ከሚችለው የመጀመሪያ ቀን እንኳ በ254 ቀናት የቀደመ ነው። በሌላ አነጋገር ሰውየው ከስምንት ወር በላይ የሚሆን ደመወዝ በአንድ የመደመር ስህተት ሊያጣ ይችላል። ዓመቱ ጨርሶ ሳይቀየር 1945 ተብሎ በአውሮፓውያን ቅጽ ላይ ሲገባ ደግሞ ሰውየው በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል።

## ከትዝታ ቀኑን ማጥበብ

ወርና ዕለት አይታወቁም ማለት ስለ ቀኑ ምንም አይታወቅም ማለት አይደለም። መዝጋቢው «መቼ ተወለዱ?» ከማለት ይልቅ የሚታወስ ነገር ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል፤ ክረምት ነበር ወይስ በጋ፣ ጾም ነበር ወይ፣ የማን ዕለት ነበር፣ በዚያ ሰሞን ምን ሆነ የሚሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። የጣሊያን ወረራ የጀመረበት 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱበት ሚያዝያ 1933 እና የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተደረገበት ታኅሣሥ 1953 ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መነሻ የሚሆኑ ጊዜያት ናቸው።

ከላይ የተጠቀሱት እናት «እናቴ በሁዳዴ ጾም ነው የወለደችኝ ትለኝ ነበር» ቢሉ፣ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይሠራል። በ1945 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 27 ቀን ነው። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ የገባው የካቲት 2 ቀን ሲሆን የመጨረሻው ቀን መጋቢት 26 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ ከፌብሩዋሪ 9 እስከ ኤፕሪል 4 ቀን 1953 ያለው ጊዜ ነው። 365 የነበረው የቀናት ብዛት ወደ 55 ወረደ፤ በ1952 እና በ1953 መካከል የነበረው ጥርጣሬም ተፈታ።

«በማርያም ዕለት» የሚል ቢጨመርበት ደግሞ ወሩ በገባ 21ኛው ቀን ማለት ነው። በጾሙ ውስጥ እንዲህ ያሉት ቀናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 28) እና መጋቢት 21 (ማርች 30)። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን ከዚህ ማስረጃ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው እንጂ አንዱን መርጦ ማስገባት ወደ ግምት መመለስ ነው።

ዘዴው ገደብ አለው። ስሌቱ የቆመው 1945 የሚለው ዓመት ትክክል ነው በሚል መነሻ ላይ ነው። የሰዎች ግምት ደግሞ በ0 እና በ5 ወደሚያልቁ ቁጥሮች ያደላል። ዓመቱ ራሱ «በ45 ገደማ» ከሆነ ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር የጾሙ ስሌት ለ1944ና ለ1946ም ለየብቻ መሠራት ይኖርበታል።

## ያልታወቀውን እንዳልታወቀ መጻፍ

ያልታወቀን ቀን ለመጻፍ የሚያገለግሉ የታወቁ ደንቦች አሉ። አይሶ 8601 የተባለው የቀን አጻጻፍ መስፈርት ዓመቱን ብቻ `1953`፣ ወይም ዓመትና ወሩን `1953-02` ብሎ መጻፍን ይፈቅዳል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ለጉዞ ሰነዶች ያወጣው ደንብም ያልታወቀው የልደት ቀን ክፍል በሚነበበው የፓስፖርት ገጽ ላይ በ`X` እንዲተካ ያዛል። በማሽን በሚነበበው መስመር ላይ ደግሞ በ`<` ይተካል፤ ዓመቱ 1953 ብቻ ሆኖ ሲታወቅ `53<<<<` ይሆናል።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በቅጹ አሠራር ላይ ነው። በድረ ገጽ ቅጾች ላይ የሚዘወተረው `<input type="date">` ሙሉ ቀን ካልገባለት ባዶ ዋጋ ይልካል፤ ዓመቱን ብቻ መቀበል አይችልም። በዚህ ፈንታ ለዓመት፣ ለወርና ለዕለት የተለያዩ ሳጥኖችን ማስቀመጥ፣ ወርና ዕለት ባዶ ሆነው እንዲታለፉ መፍቀድ እና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። መረጃው ሲቀመጥ ሰውየው የተናገረው ሳይለወጥ፣ ከእርሱ የተሰላው ደግሞ ለብቻው ይያዛል።

```
{
  "stated": "1945",
  "calendar": "ethiopic",
  "precision": "year",
  "earliest": "1952-09-11",
  "latest": "1953-09-10"
}
```

እንዲህ ሲሆን ዕድሜ በሁለቱ ጫፎች ይሰላል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2025 የእናትየው ዕድሜ በ`earliest` 72፣ በ`latest` 71 ነው፤ ስለዚህ መልሱ «71 ወይም 72» ይሆናል። ለአብዛኛው ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለሕክምና፣ ይህ ይበቃል። ልዩነት የሚያመጣው የዕድሜ ገደቡ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲወድቅ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የትኛው ጫፍ ይወሰድ የሚለውን መመለስ ያለበት ሕጉ ወይም መመሪያው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

ሥርዓቱ የግድ አንድ ሙሉ ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ከሁሉ ያነሰ ስህተት ያለው የጊዜው መካከለኛ ቀን ነው። የ1945 መካከለኛ ቀን መጋቢት 3 (ማርች 12 ቀን 1953) ሲሆን ከእውነተኛው ቀን ቢበዛ በ182 ቀናት ይርቃል። መስከረም 1 ቢወሰድ ግን ርቀቱ እስከ 364 ቀናት ሊደርስ ይችላል። ያም ሆኖ መካከለኛው ቀን እውነተኛ ልደት ስለሚመስል ግምትነቱ ካልተጻፈበት ከጃንዋሪ 1 ይበልጥ ያሳስታል። አንድ ሰው አስቀድሞ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ካለው ደግሞ በአዲሱ ቅጽ ላይ የሚገባው በዚያ ሰነድ ላይ ያለው ቀን ነው፤ የተሻለ ግምት ማስገባት ሁለት የማይጣጣሙ ሰነዶች ይፈጥራል።

## የተሞላ ቀን እንዴት ይለያል?

በአንድ መዝገብ ውስጥ የተገመቱ ቀናት መኖራቸው በቆጠራ ይታወቃል። 10,000 ሰዎች ካሉ በእያንዳንዱ ቀን በአማካይ 27 ያህል ሰዎች ይገኛሉ። በጃንዋሪ 1 ወይም በመስከረም 1 ብዙ መቶዎች ከተገኙ አብዛኞቹ የተሞሉ ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተያዘ መዝገብ ላይ ታኅሣሥ 22 እና 23 ከተበራከቱ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብለው የተሞሉ ቀናት ወደ ኋላ ተቀይረው መግባታቸውን ያሳያል። ይህኛው ለማስተዋል የሚከብድ ነው፤ «ታኅሣሥ 23 ቀን 1945» የሚለውን የሚያነብ ሰው ከኋላው «በ1945 ነው የተወለድኩት» ከሚል ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ እንደሌለ ሊያውቅ አይችልም።