አንድ ዲፕሎማ፣ ሦስት ትርጉም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው የካቲት አንድ ወረቀት ይዛ መጣችና «እስቲ እየው፣ ምን ጎደለው?» አለችኝ። ለአንድ የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የጻፈችው ከቨር ሌተር ነው። ሥራው የአቅራቢዎችን ደረሰኝ መመዝገብና ክፍያ ማዘጋጀት ነው፤ እሷም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ዘንድ ስድስት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ያም ሆኖ ተመሳሳይ ደብዳቤ አሥራ አንድ ቦታ ልካ አንድም ሰው አልደወለላትም። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው «ከሃይስኩል በላይ የሁለት ዓመት የአካውንቲንግ ትምህርት» ይላሉ። የእሷ ደብዳቤ ስለ ትምህርቷ የሚናገረው ደግሞ በአንድ መስመር ነበር፦ «በ1999 በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ተመርቄያለሁ።»

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ውሸት የለም። ችግሩ ያለው «ዲፕሎማ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ ተብሎ ሲጠራ መሰላል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ዲፕሎማ ሲባል ኮሌጅ የገባ፣ ዲግሪ ግን ያልደረሰ ሰው ነው የሚታየን። አሜሪካዊ ቀጣሪ ግን ቃሉን ሲያነብ በመጀመሪያ የሚታሰበው የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው፤ ማለትም 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ኮፍያውን ወደ ላይ ሲወረውር የሚሰጠው ወረቀት። ከሃይስኩል በኋላ ያለውን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት እነሱ አሶሺዬት ዲግሪ ይሉታል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ የሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርቷን በገዛ ቃሏ ሰርዛዋለች። ደብዳቤውን የሚያየው ሰው በቀን ብዙ ማመልከቻ ስለሚያገላብጥ ቁጭ ብሎ የኢትዮጵያን የትምህርት ሥርዓት አይመረምርላትም።

ያው ቃል ጀርመን ሲገባ ተቃራኒ ጉዳት ያመጣል። እዚያ ዲፕሎም የሚባለው ባችለርና ማስተርስ ከመምጣታቸው በፊት ዩኒቨርሲቲ ይሰጠው የነበረ፣ አራትና አምስት ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ዲፕሎም ዛሬ ከማስተርስ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ከአዲስ አበባ ኮሌጅ የወጣ ሰው «ዲፕሎም አለኝ» ብሎ ቢጽፍ ሳያውቀው ትልቅ ማዕረግ ለራሱ ሰጠ ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ይመስለኛል፤ ዝቅ ብሎ የታየ ሰው ሊያስረዳ ዕድል ሊያገኝ ይችላል፣ ከፍ አድርጎ ጻፈ የተባለ ሰው ግን የሚጠረጠረው በሐቀኝነቱ ነው።

እንዲያውም ቃሉ አገር ቤትም አንድ ትርጉም ብቻ አልነበረውም። እንደ ድሮው ኮሜርስ ካሉ ተቋማት የወጡት ሰዎች ዲፕሎማቸውን ያገኙት 12ኛ ክፍል ጨርሰው ሁለት ዓመት ተምረው ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲው ከተለወጠ በኋላ ግን አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ እንዲያበቃ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱት መሰናዶ ሆኑ፤ ሌላው ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ገባ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባሉት የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። በኋላም እነሱ ቀርተው «ደረጃ» የሚለው ቁጥር ተተካ። የአክስቴ ልጅ የ10+3 ልጅ ናት።

ደብዳቤውን አስቀምጠን ሻይ ተቀድቶ እያለ ጠየቅኋት፤ ከስንተኛ ክፍል በኋላ ነው የገባሽው? ስንት ዓመት ተማርሽ፣ በቀን ነው በማታ? ምን ምን ተማርሽ? እሷም በ1996 የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዳ፣ በ1997 መስከረም ገብታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን ተምራ በሐምሌ 1999 መጨረሷን ነገረችኝ። ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ኮስት፣ ታክስና ኦዲት ተምራለች፤ ፒችትሪንም ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጣ ሠርታበታለች። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤዋ ላይ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ጓደኞቿ «አሶሺዬት ዲግሪ ብለሽ ጻፊና ተገላገይ» ብለዋት ነበር። እኔ አልተስማማሁም። አሜሪካዊው አሶሺዬት ዲግሪ 12 ሲደመር 2 ነው፣ 14 ዓመት። የእሷ 10 ሲደመር 3 ነው፣ 13 ዓመት። ሒሳቡ ልክ አይገጥምም። ቢገጥም እንኳ ወረቀቷ ላይ ያልተጻፈ ስም ለራሷ መስጠት አትችልም፤ ብዙ ድርጅቶች ከመቅጠራቸው በፊት የትምህርት ማስረጃን በአጣሪ ድርጅት ያስመረምራሉ። አጣሪው ኮሌጁን ሲጠይቅ የሚመጣለት መልስ «ዲፕሎማ» ከሆነ፣ ደብዳቤው ደግሞ «አሶሺዬት ዲግሪ» ካለ፣ የሥራ ጥሪ ከደረሰ በኋላም ሊሰረዝ ይችላል። የወረቀቱ ስም እንዳለ ይጻፍ፤ ከጎኑ ደረጃው ይብራራ።

ሲብራራ ደግሞ ያልጠበቅነው ወጥመድ ገጠመን። «ከ10ኛ ክፍል በኋላ» ብላ ብትጽፍ አሜሪካዊው አንባቢ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ናት ብሎ ያስባል፤ እዚያ 10ኛ ክፍል ላይ የሚያቆም ያቋረጠ ነው። እንግሊዝ ብትሆን ኖሮ ይቀል ነበር፣ እዚያም ልጆች በ16 ዓመታቸው ጂሲኤስኢ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና ወስደው ወደ ሌላ ደረጃ ስለሚሻገሩ ነገሩ አይገርማቸውም። ለአሜሪካዊው ግን አንድ ሐረግ መጨመር የግድ ሆነ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ የሄደው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ መልእክቱ እንዲህ ነው፦

«ትምህርቴ ከኢትዮጵያ የተገኘ የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነው። ይህ የሃይስኩል ዲፕሎማ አይደለም፤ በጊዜው በኢትዮጵያ አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጠናቀቅ ነበርና፣ እኔ ከዚያ በኋላ በኮሌጅ ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ የተማርኩት ነው፤ ከዲግሪ አንድ እርከን ዝቅ ይላል። የጨረስኩት በጁላይ 2007 ነው። በኮሌጅ የተማርኩትን ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለውን፣ ለስድስት ዓመት በየቀኑ ተጠቅሜ በወር እስከ 200 የሚደርስ የአቅራቢ ደረሰኝ መዝግቤያለሁ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በላይ ቢረዝም ደብዳቤው የትምህርት ሚኒስቴር መግለጫ ይመስላል። ፒችትሪን በአዲስ ስሙ መጥራቱ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ቀጣሪው ቢሮ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሴጅ 50 ከሆነ፣ አሮጌውን ስም የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ ችሎታዋን ሳያየው ያልፋል።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያው ደብዳቤ «1999» ይል ነበር። የትውልድ ዘመኗ በፈረንጆች አቆጣጠር 1988 ስለሆነ፣ መታወቂያዋን ከደብዳቤው ጎን ያስቀመጠ ሰው በ11 ዓመቷ ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ያገኛል። ሐምሌ 1999 ጁላይ 2007 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያለው ስምንት ነው። ስለዚህ ወሩን ሳያዩ ሰባትን ብቻ ደምሮ መጻፍም ያሳስታል። ደብዳቤው ላይ የፈረንጁ ብቻ ይግባ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሬዝሜው ላይ በአንድ መስመር ማሳወቅ ይገባል፣ አጣሪው ሁለት ቁጥር አይቶ እንዳይጠራጠር።

ወንድሟ ፍራንክፈርት ነው ያለው፤ በሲቪል ምህንድስና ዲግሪ አለው። ደብዳቤውን በቴሌግራም ላከችለትና እሱም የራሱን መለሰላት። እሱ ዘንድ «ዲግሪ» የሚለው ቃል አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ውጤቱ ነው። አጠቃላይ ነጥቡ 3.4 ነው፣ አገር ቤት የሚኮራበት። አሜሪካም ቢሆን ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል፣ የእነሱም መለኪያ እንደ እኛው እስከ 4.0 የሚደርስ ነውና። ጀርመን ውስጥ ግን ምርጡ ውጤት 1.0 ነው፤ 4.0 ከመውደቅ በትንሹ የተረፈ ማለት ነው። «3.4» ብቻ ተጽፎ ያየ ጀርመናዊ ተማሪው ተንገዳግዶ ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ «3.4 ከ4.00፣ 4.00 ከፍተኛው ውጤት ነው» ብሎ ጻፈ። ወደ ጀርመን ቁጥር ራሱ አልቀየረውም፣ ይህን ማድረግ የመዛኙ ተቋም ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲውንም anabin በሚባለው የጀርመን መረጃ ቋት ውስጥ ፈልጎ H+ ተብሎ መመዝገቡን አገኘ፤ ትርጉሙ ተቋሙ እንደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም እውቅና አለው ማለት ነው። ይህንንም በግማሽ ዓረፍተ ነገር ጠቀሰው።

አሜሪካ ውስጥ የውጭ ማስረጃን የሚመዝን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ሥራውን የሚሠሩት የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀጣሪዎችም ናሴስ የተባለው ማኅበር አባል ከሆነ ድርጅት የመጣ ሪፖርት ይጠይቃሉ። ሪፖርቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወረቀቱ በአሜሪካ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ብቻ ይናገራል፤ ለሥራ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ይዘረዝራል፣ ውድም ነው፣ የሚያስፈልገው ትምህርት ለመቀጠል ለሚፈልግ ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ደብዳቤው ላይ የመዛኙ ስም ተጠቅሶ ቃሉ እንዳለ ይገባል። ከመምጣቱ በፊት ግን «እኩል ነው» የሚል ቃል ከራስ ማምጣት አይገባም። ሁለት መዛኞችም አንድ ወረቀት ላይ የተለያየ ውሳኔ ሊሰጡ ይችላሉ።

ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ሐኪም ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ ብዙም አይረዳውም። እዚያ በሩን የሚከፍተው ፈቃድ ነው፤ ደብዳቤው ቢያምርም ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ሳይፈቅድ ቀጣሪው እጁ የታሰረ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ጠቃሚው ዓረፍተ ነገር የፈቃዱ ሂደት የት እንደደረሰ የሚገልጸው ነው።

የአክስቴ ልጅ አዲሱን ደብዳቤ ስትልክ ማብራሪያውን ከሥራ ልምዷ በኋላ አስቀመጠችው፤ መጀመሪያ ላይ ቢሆን አንባቢው ስለ ሥራዋ ሳያውቅ ስለ 10ኛ ክፍል ያነብ ነበር። ሁለት ቦታ ጠሯት። በአንደኛው ቃለ መጠይቅ ዲፕሎማዋን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የጠየቋት አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ በሴጅ 50 እንዴት እንደምታስተካክለው ነው።