ሶሌታ የሚሞላበት ቅዳሜ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች በግንባታ ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መስመር አያልፍም፤ «ግንባታ ላይ ስለሆንን ለሚደርስባችሁ መጉላላት በቅድሚያ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ትሕትናው አይከፋም። ጎረቤቱ ግን ይህን አንብቦ መኪናውን የት እንደሚያሳድር፣ ቤቱ ያለችውን አራስ መቼ ወደ ዘመድ ቤት እንደሚወስድ፣ ልብስ በየትኛው ቀን እንደማያሰጣ አያውቅም። የሚያውቀው የሳይቱ ኃላፊ ነው፤ ያውም ከቀናት በፊት ጀምሮ።

ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚወጣው ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ነው። «የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው» ብሎ የለጠፈ ሳይት በዚያ ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይም ቫይብሬተሩ ሲያጓራ ይሰማል። ጎረቤት ተዋሸሁ ቢል አይፈረድበትም። ኃላፊውም የራሱ ምክንያት አለው። አርማታ ውሃ ከነካው ጀምሮ መጠንከር ይጀምራል፤ የተለመደው አሠራር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ቦታው ላይ መድረስ አለበት ይላል። አንዱ መኪና ደፍቶ ሌላው ዘግይቶ ቢመጣ፣ የቀደመው ጠንክሮ አዲሱ በወጉ አይዋሐደውም። መሐንዲሶች ኮልድ ጆይንት የሚሉት ይህ ስፍራ በኋላ ውሃ ያሳልፋል፤ ጭነት በሚበዛበት ቦታ ከሆነማ ነገሩ ከውሃ ይከፋል። ስለዚህ ሙሌት አንዴ ከተጀመረ ሰዓት ደረሰ ተብሎ በደረሰበት አይተውም።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። 300 ካሬ ሜትር የሆነ ፎቅ ሶሌታው 15 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር 45 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። ቢሙ ሲጨመር 60 እንበለው። አንድ ሚክሰር መኪና 8 ሜትር ኩብ ቢይዝ 8 መኪና መምጣት አለበት። አንዱን በፓምፕ ደፍቶ ቀጣዩን ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ይበቃል ቢባል፣ ጠዋት 2 ሰዓት የተጀመረ ሥራ በወረቀት ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከተማው ግን ወረቀት አይደለም። መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ይያዛል፣ የፓምፑ ቱቦ ይዘጋል፣ ከባቹ ቦታ ሌላ ደንበኛ ይቀድማል። ከዚያም የመጨረሻው አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ገጹን ማለስለስ ገና ሰዓታት ይወስዳል። ይህን ሁሉ ያየ ኃላፊ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ያለበት «እስከ 11 ሰዓት» ብሎ ሳይሆን «ከዘገየብን እስከ ማታ 4 ሰዓት» ብሎ ነው።

«ማቆም አይቻልም» የሚለው መልስ ግን ግማሽ እውነት ነው። ማቆም የማይቻለው በዘፈቀደ ነው። ዲዛይነሩ ጭነቱን አይቶ በፈቀደው መስመር ላይ፣ በጣውላ ተከልሎ፣ ሶሌታውን ለሁለት ቀን መክፈል የታወቀ አሠራር ነው፤ ኮንስትራክሽን ጆይንት ይባላል። 30 ሜትር ኩብ በአራት መኪና ያልቃል፤ ማታውም ጸጥ ይላል። በምትኩ መንገዱ ሁለት ጊዜ ይዘጋል፣ ፓምፑም ሁለቴ ይከራያል። የትኛው እንደሚሻል ጎረቤቶችን መጠየቅ ነውር የለውም። እኔን ቢጠይቁኝ አንድ ረጅም ቀን ይሻለኛል፤ ሕመምተኛ ያስተኛው ጎረቤቴ ግን በዚህ ላይስማማ ይችላል።

መንገዱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፓምፕ የተጫነበት መኪና እንዳይገለበጥ በግራና በቀኝ እግሮቹን ዘርግቶ ይቆማል። በስድስት ሜትር የኮብልስቶን መንገድ ላይ እግሮቹ ከተዘረጉ የሚያልፍ መኪና የለም። ክንዱን አጥፎ እግሮቹን ሰብስቦ መነሳት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለአምቡላንስ «አንዴ ዞር በልልኝ» የሚባል አይደለም። ስለዚህ ድንገት የታመመ ሰው በቃሬዛ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣበት መተላለፊያ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ወረዳው እና ትራፊክ ፖሊስ እንዲያውቁት ማድረግም የዚያው ዝግጅት አካል ነው።

ቀኑ ራሱ ሰፈሩ ተጠይቆ ቢመረጥ ይሻላል። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ በዚያ ቅዳሜ መንገዱ ላይ ድንኳን የሚተክል ደጋሽ ሊኖር ይችላል። ለቅሶ ደግሞ ቀን አያስይዝም። የእድሩን ዳኛ ስልክ የያዘ ኃላፊ ቢያንስ ሌሊት ላይ ይሰማና መኪኖቹ ሳይጫኑ ይደውላል። ከተጫኑ በኋላ የሚደረግ ስልክ የትም አያደርስም።

ይህ ሁሉ ወደ ወረቀት ሲመጣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን፤ ቅዳሜ ጥር 16 የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ እንሞላለን። ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከግንባታው በር ፊት ለፊት ያለው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው። እግረኛ በገመድ በተከለለው በኩል ያልፋል። ከውስጥ ያላችሁ መኪና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ዓርብ ማታ ዋናው መንገድ ዳር አውጡልን፤ ጥበቃ መድበናል። ሚክሰር ከዘገየብን ድምፁ እስከ ማታ 4 ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ሕመምተኛ፣ አራስ፣ ድግስ ወይም ሐዘን ያለበት ቤት እስከ ሐሙስ ይንገረን። ፎርማኑ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ነው፤ ስልኩ ከታች አለ።»

በዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚረሱ ሁለት ድምፆች አሉ። አንዱ ፌሮ ሲራገፍ ነው። ከባድ መኪና ቀን ቀን እንደልቡ ስለማይንቀሳቀስ 12 ሜትር የሚረዝመው ብረት ብዙ ጊዜ በሌሊት ይመጣል፤ ከላይ ተገፍቶ ሲወድቅ ሰፈሩ ይነቃል። በእጅ እየተቀባበሉ ማውረድ ይቻላል፤ ተጨማሪ የቀን ሠራተኛና ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ሌላው ከሙሌቱ ሳምንታት በኋላ ካሳፎርማ ሲወልቅ አጣናና ጣውላው የሚያወጣው ጩኸት ነው። ሶሌታው አልፏል ብሎ የተዘናጋ ጎረቤት ይህንን ያልጠበቀው ይሆንና ከሙሌቱ ቀን ይልቅ ይቆጣል።

አቧራ በአንድ መስመር አይገለጽም፤ ዓይነቱ ይለያያልና። የቁፋሮና የአሸዋ አቧራ ውሃ ሲረጭበትና ሸራ ሲለብስ ይቀንሳል፤ የአሸዋ ክምሩ በሸራ መሸፈኑን ከመንገድ ሆኖ ማየት ይቻላል። አሳሳቢው ግራይንደር ግራናይት ወይም አርማታ በደረቁ ሲቆርጥ የሚወጣው ነው። ከእሱ ውስጥ በዓይን የማይታየው ደቃቅ ክፍል ሲሊካ ይዞ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። መፍትሔው ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ ነው። ከግድግዳው ላይ ነጭ ደመና ሲነሳ ያየ ጎረቤት «በደረቁ እየቆረጣችሁ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ፎርማኑ ጥያቄው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ንግግር ካልሠራ ሕጉ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢ ጥበቃ መመሪያው ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር ለቀን 55፣ ለሌሊት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል። የስልክ መተግበሪያ ለግምት እንጂ ለማስረጃ ብዙ አይታመንም፤ ወደ ወረዳው የሚሄድ ሰው ቀኑን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት በወረቀት ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። የተለጠፈውን ማስታወቂያም ፎቶ ያንሳ፤ ኃላፊው ራሱ የጻፈው ሰዓት ነው የሚጠየቅበት።

ሲሚንቶ ጠፍቶ ወይም ፓምፕ ተበላሽቶ ሙሌቱ ቢተላለፍ ወረቀቱ በዚያው ዕለት ይነሳል፤ አዲሱ ቀንም ይጻፋል። መኪናውን ዓርብ ማታ ዋናው መንገድ ላይ ያሳደረ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ባዶ መንገድ ካየ ለሁለተኛው ማስታወቂያ አያወጣትም።