ካሜራው የማይስቅበት ፊልም

ሞክዩመንታሪ የዶክመንተሪን መልክ ተውሶ የሚያስቅ ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ»ን እንይ። ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር ራሱ ማርቲ ዲበርጊ የሚባል ፊልም ሠሪ ሆኖ የሮክ ባንዱን አባላት ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ጊታሪስቱ ለመድረክ የሚሠራውን የስቶንሄንጅ ድንጋይ ናፕኪን ላይ ሲነድፍ 18 ጫማ በማለት ፈንታ 18 ኢንች ብሎ ይጽፋል። በኮንሰርቱ ላይ ታዲያ ከጉልበት የማይዘል ድንጋይ ከላይ ይወርዳል! ካሜራው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ይቀርጻል። ለእኔ ሳቁ ያለው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ጠያቂው አብሮ ቢቀልድ ኖሮ ተራ ኮሜዲ ይሆን ነበር።

ውሸት መሆኑስ በምን ይታወቃል? የባንዱ ከበሮ መቺዎች እየተተካኩ ይሞታሉ፤ አንዱማ መድረክ ላይ በራሱ ተቀጣጥሎ ነው። ይህም ካመለጠን መጨረሻ ላይ የተዋንያኑ ስም ከነገጸ ባሕርያቸው ተዘርዝሯል።