ኤንዶ ለምን ይቀድማል?

በ1928 በጀርመን ኪል ዩኒቨርሲቲ፣ ኦቶ ዲልስና ተማሪው የነበረው ኩርት አልደር ሁለት ሞለኪውሎች በቀጥታ ተገጣጥመው ባለስድስት አባል ቀለበት እንደሚሠሩ የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። አጸግብሮቱ ተረፈ ምርት የለውም፤ የገባው አቶም ሁሉ በውጤቱ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ጽሑፍ ዘዴውን የተፈጥሮ ውሁዶችን ለመሥራት የመጠቀሙን ሥራ ለራሳቸው እንደሚያስቀሩ በግልጽ አስታወቁ። የሰማቸው ግን ያለ አይመስልም፤ በ1950 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ዘዴው የመላው ዓለም ኬሚስቶች ሆኖ ነበር።

ከሁለቱ ሞለኪውሎች አንዱ ዳይን ይባላል። በተከታታይ የቆሙ አራት ካርቦኖች አሉት፤ ሁለት ድርብ ቦንዶች ይዟል፣ በመካከላቸው አንድ ነጠላ ቦንድ አለ። ሌላው ዳይኖፋይል ነው፤ እሱ የሚያዋጣው በድርብ ቦንድ የተያያዙ ሁለት ካርቦኖችን ነው። የዳይኑ ሁለት ጫፎች ከዳይኖፋይሉ ሁለት ካርቦኖች ጋር ይያያዛሉ፣ የተረፈው ድርብ ቦንድ ወደ ዳይኑ መሐል ይሸጋገራል። ጫፎቹ ሁለቱም ዳይኖፋይሉን እንዲደርሱበት ዳይኑ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ አለበት። ሁሉም ነገር በአንድ እርምጃ ስለሚያልቅ ሞለኪውሎቹ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ቅርጻቸውን የሚቀይሩበት ጊዜ አያገኙም። የቀለበቱን ቅርጽ አስቀድሞ መናገር የሚቻለውም ስለዚህ ነው።

ተማሪዎች በላብራቶሪ ደጋግመው የሚሠሩትን እንውሰድ፦ ሳይክሎፔንታዳይንና ማሌይክ አንሃይድራይድ። ሳይክሎፔንታዳይን እንዳለ በጠርሙስ ተቀምጦ አይገዛም፤ በክፍል ሙቀት ብቻውን ከተተወ ራሱ ከራሱ ጋር ይጣመራል። የሚሸጠው ይኸው ጥንዱ ነው። ጥንዱን ወደ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያሞቁት ይሰነጠቃል፣ 41 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ሳይክሎፔንታዳይንም በትነት ይወጣል። በበረዶ ላይ ተቀብሎ በዕለቱ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ያደረ ዳይን ግማሽ መንገድ ወደ ጥንድነቱ የተመለሰ ዳይን ነው።

6 ግራም ማሌይክ አንሃይድራይድ በ20 ሚሊሊትር ኤቲል አሴቴት ውስጥ በመጠነኛ ሙቀት ይሟሟል፤ 20 ሚሊሊትር ሄክሴን ይጨመርበትና በበረዶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ 6 ሚሊሊትር ያህል ሳይክሎፔንታዳይን ይገባበታል። ብርጭቆው ይሞቃል፣ ነጭ ክሪስታልም ይወርዳል። ክሪስታሉ ተለቅሞ ሲደርቅ 164 ወይም 165 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

ይህ ነጭ ዱቄት ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? አዲሱ ባለስድስት አባል ቀለበት ከላዩ አንድ ካርቦን፣ የሳይክሎፔንታዳይኑ CH₂፣ እንደ ዘንቢል እጀታ ተሻግሮበታል። አንሃይድራይዱ በሁለት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል፤ በእጀታው በኩል ወደ ላይ ወይም ከእጀታው በተቃራኒ፣ ከአዲሱ ድርብ ቦንድ ሥር ወደ ታች። የመጀመሪያው ኤክሶ፣ ሁለተኛው ኤንዶ ይባላል። 164 ላይ የሚቀልጠው ኤንዶው ነው፤ በቀዝቃዛ ሁኔታ ከሞላ ጎደል የሚገኘው ሁሉ እሱ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ሞለኪውሎቹ በሚቀራረቡበት ቅጽበት ነው። ዳይኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ ይሆናል፤ ዳይኖፋይሉ ከሥሩ በትይዩ ይመጣል። የዳይኖፋይሉ ካርቦኒሎች (C=O) ወደ ዳይኑ መሐል ገብተው ከሥሩ ከተቀመጡ ኤንዶ ይሆናል። ወደ ውጭ ከዞሩ ኤክሶ።

ለመተንበይ ሦስት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛ፣ በዳይኖፋይሉ ላይ በአንድ ወገን የነበሩ ቡድኖች በቀለበቱም ላይ በአንድ ወገን ይቀራሉ፤ ማሌይክ አንሃይድራይድ ቀለበት ስለሆነ ካርቦኒሎቹ መቼም አይለያዩም። ሁለተኛ፣ ከታጠፈው ዳይን ሁለት ጫፎች ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ቡድኖች በቀለበቱ አንድ ገጽ ላይ ያርፋሉ፣ ወደ ውስጥ የሚያመለክቱት ደግሞ በሌላው ገጽ። ሦስተኛ፣ በኤንዶ መንገድ ሲሄድ የዳይኑ የውጭ ቡድኖችና የዳይኖፋይሉ ካርቦኒሎች በአንድ ገጽ ይገናኛሉ።

ሁለቱም ድርብ ቦንዶቹ E የሆኑበትን 2፣4-ሄክሳዳይን እንሞክር። በየጫፉ አንድ ሜቲል አለ። ዳይኑን ስናጥፈው ሁለቱም ሜቲሎች ወደ ውጭ ያያሉ። ስለዚህ በኤንዶው ውጤት ሁለቱ ሜቲሎችና ሁለቱ ካርቦኒሎች፣ አራቱም፣ በቀለበቱ አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ከሜቲሎቹ አንዱ በZ ቢሆን ኖሮ ወደ ውስጥ ይገባና በተቃራኒው ገጽ ይወጣ ነበር፤ ከዚያም በላይ ዳይኑ ሲታጠፍ መንገድ ስለሚዘጋ አጸግብሮቱ ይዘገያል። አሁን ወደ ሳይክሎፔንታዳይን እንመለስ፦ CH₂ው ያለው በሁለቱ የውስጥ ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከካርቦኒሎቹ በተቃራኒ መሆን አለበት፤ ነውም። ተማሪዎች እንደ ሁለት የተለያዩ ሕጎች የሚሸመድዷቸው እነዚህ ሁለት ጉዳዮች አንድ ሕግ ናቸው።

ይህ ስሌት የሚናገረው ቡድኖቹ እርስ በርሳቸው የሚይዙትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ዳይኑ ሜቲል ያለው በአንዱ ጫፍ ብቻ ቢሆን ውጤቱ የመስታወት ግልባጭ የሆኑ ሁለት ሞለኪውሎች እኩል በእኩል ድብልቅ ይሆናል፤ አንዱን ብቻ ለማግኘት ቀኝና ግራ የሚለይ ካታሊስት ወይም ሌላ ዘዴ ይጠይቃል።

አልደርና ሽታይን በ1937 ኤንዶ የሚቀድመው ድርብ ቦንዶች በብዛት በሚደራረቡበት አቀማመጥ ስለሆነ ነው የሚል ሕግ አወጡ። በ1965 ሆፍማንና ውድዋርድ የካርቦኒሉ ኦርቢታል ከዳይኑ መሐል ኦርቢታል ጋር ስለሚስማማ የሽግግሩ ጉልበት ይቀንሳል አሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን እንደ ተዘጋ ጉዳይ ያቀርቡታል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መሳሳብና የቦታ ጥበት ብቻውን ያብራራዋል የሚሉ ኬሚስቶች ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም።

ዋናው ነገር ኤንዶ ፈጣኑ እንጂ የተረጋጋው አለመሆኑ ነው። ያንኑ ነጭ ክሪስታል 200 ዲግሪ አካባቢ ብናሞቀው ወደ ኋላ እየተፈታ እንደገና ይጣመራል፤ ጥቂት ጥቂት እያለም 143 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው ኤክሶ ይከማቻል። ፉራን ደግሞ ይህን በክፍል ሙቀት ያደርገዋል። ከማሌይክ አንሃይድራይድ ጋር የሚሠራው ኤንዶ ውህድ ቶሎ ስለሚፈታ፣ ከጠርሙሱ የምናወጣው ኤክሶ ነው። ውድዋርድና ቤር ይህን በ1948 አሳይተዋል።

የትኛው እንደተገኘ ለማረጋገጥ የድሮዎቹ ኬሚስቶች የተጠቀሙበት መንገድ ያምራል። አንሃይድራይዱን በፈላ ውሃ ወደ ዳይአሲድ ቀይሮ አዮዲን መጨመር ነው። በኤንዶው ካርቦክሲሉ ከድርብ ቦንዱ ሥር ስለሆነ ይደርስበትና ላክቶን የሚባል ተጨማሪ ቀለበት ይዘጋል፤ ኤክሶው ግን አይደርስም። ዛሬ ይህን ሥራ ኤንኤምአር ይሠራል። በኤንዶው ከካርቦኒሎቹ አጠገብ ያሉት ሃይድሮጅኖች ወደ እጀታው ስለሚያዩ ከድልድዩ ጫፍ ሃይድሮጅን ጋር ጥቂት ኸርትዝ ይጣመራሉ፤ በኤክሶው ማዕዘኑ ወደ 90 ዲግሪ ስለሚጠጋ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ስለዚህ ኤንዶ ብለው ከመጻፍዎ በፊት ሙቀቱንና ዳይኑን ይመልከቱ። ዳይኖፋይሉ ላይ ካርቦኒሉ ያለበት ካርቦን ሜቲልም ከተሸከመ፣ እንደ ሜቲል ሜታክሪሌት፣ ከሳይክሎፔንታዳይን ጋር ኤክሶው ይበልጣል። ዳይኑ ፉራን፣ ዳይኖፋይሉ ማሌይክ አንሃይድራይድ ከሆነም ትክክለኛው መልስ ኤክሶ ነው።