ለጆሮ የሚሆን ፊልም

የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያለ መዝገበ ቃላት ታነባለች። ባለፈው ክረምት አንድ የአሜሪካ ፊልም አብረን ስናይ፣ አንዱ ሰውዬ ጓደኛውን «አይ ካን ሄልፕ ዩ» ሲለው ሰማችና «ተመስገን፣ ሊረዳው ነው» አለችኝ። ሰውዬው ያለው ግን «ልረዳህ አልችልም» ነበር።

አሜሪካዊ «እችላለሁ» ሲል «ካን» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ አይጠራትም። ቃሏ በሚቀጥለው ግስ ትዋጥና በእኛ ሳድስ ድምፅ «ክን» ሆና ታልፋለች፦ «አይ ክን ሄልፕ ዩ»። «አልችልም» ሲል ግን አናባቢውን ሙሉ አድርጎ ያወጣዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል። ስለዚህ በአሜሪካ ፊልም ጥርት ብሎ የተሰማ «ካን» ብዙ ጊዜ አሉታ ነው። በትምህርት ቤት የለመድነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አስተማሪያችን ሁለቱንም ቃል እኩል ረግጦ ነበር የሚያነብልን።

እኛም ስናወራ እንዲሁ ነን። «የት ነው የምትሄደው» ብለን ጽፈን «የት ነው ምትሄደው» እንላለን፤ አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የውጭ ሰው ያቺን «የ» ሲጠብቅ ዓረፍተ ነገሩ ያልፈዋል። ፊልምን ለማዳመጥ ልምምድ ስንመርጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ቃላቱን አውቃቸዋለሁ ወይ?» ሳይሆን «የማውቃቸው ቃላት ሲዋጡ ይሰሙኛል ወይ?» መሆን አለበት።

የቃሉ ጉዳይ ከምናስበው በላይ ቀላል ነው። ስቱዋርት ዌብና ማይክል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የ318 ፊልሞችን ንግግር ቆጥረው፣ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚያገለግሉትን 3,000 የቃል ቤተሰቦች የሚያውቅ ሰው፣ የሰውና የቦታ ስሞች ተጨምረውለት፣ ከፊልም ንግግር 95 በመቶ ያህሉን እንደሚያውቅ አግኝተዋል። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሮ የጨረሰ ሰው ከእነዚህ ብዙዎቹን ሳያገኛቸው አይቀርም። እያወቀ የማይሰማው ፍጥነቱ፣ የድምፅ መዋጡ፣ የጀርባ ጫጫታውና ዘዬው ስለሚያስቸግሩት ነው።

ፍጥነቱን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ከፊልሙ ጋር የሚመጣው የሰብታይትል ፋይል፣ ማለትም ስሙ በ.srt የሚያልቀው፣ በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ይከፈታል። ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
212
00:14:03,200 --> 00:14:06,200
What are you going to do about it?
```

ስምንት ቃል በሦስት ሰከንድ ማለት በደቂቃ 160 ቃል ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ የሚቻል ፍጥነት ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰከንድ ቢባል 240 ይሆናል፤ ያኔ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቃላት ተጨፍልቀው «ዋቻ ጎና» ብቻ ይቀራል። አሥር ያህል መስመሮችን ከልዩ ልዩ ቦታ ወስዶ ማስላት የፊልሙን ጠባይ ያሳያል። ጽሑፉ ንግግሩ ካለቀ በኋላም ስክሪኑ ላይ ስለሚቆይ፣ እውነተኛው ፍጥነት ከስሌቱ ከፍ ሊል እንደሚችል ግን አይርሱ።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው ከካርቱን ይጀምራል፤ እኔ አልመክርም። «ቶይ ስቶሪ» ለልጅ የተሠራ ቢሆንም ገጸ ባሕርያቱ እየሮጡና እየተጯጯሁ ነው የሚያወሩት፤ ቀልዱም በቃላት ጨዋታ ላይ ያረፈ ነው። ከዚህም በላይ ጆሯችን ከተናጋሪው ከንፈር ብዙ እርዳታ ያገኛል፤ የተሳለ ከንፈር ደግሞ የእውነተኛ ሰው ከንፈር ያህል አይናገርም። ዝም የሚሉ ፊልሞችም ያሳስታሉ። «ካስት አዌይ» ላይ ቶም ሃንክስ ደሴት ላይ ብቻውን ስለሚቆይ ታሪኩ በቀላሉ ይገባል፤ ግን ንግግር በሌለበት ጆሮ ምን ይለማመዳል?

ለመጀመሪያ የምመርጠው የዚሁ ተዋናይ «ፎረስት ጋምፕ» ነው። ፎረስት አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ለማያውቃቸው ሰዎች ያጫውታል። ቃላቱ ተራ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ነው። የአላባማ ዘዬው መጀመሪያ ግር ይላል፤ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር ያው አንድ ሰው ስለሚተርክ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ተኩስ የበዛበትን የቬትናም ክፍል ለመለማመጃ አይውሰዱት።

መካከለኛው ደረጃ ላይ እ.ኤ.አ. የ1957ቱ «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን» ወደር የለውም። 96 ደቂቃው ከሞላ ጎደል አንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ከሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ዳኞች አንድ ወጣት አባቱን ገድሏል ወይስ አልገደለም ብለው ይከራከራሉ። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ቢላዋው፣ ልጁ፣ ምስክሯ ደጋግመው ስለሚነሱ ያመለጠው ቃል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ከባዱ ነገር ድምፆቹ አሥራ ሁለት መሆናቸውና ሲናደዱ መደራረባቸው ነው፤ ከፎረስት በኋላ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ከዚያ በላይ «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» አለ። በፊልም ልማድ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆጠራል፤ ይህ ሁለት ሰዓት የሚሆን ፊልም ግን ስክሪፕቱ ከ160 ገጽ በላይ ነው። መክፈቻው ላይ ወንዱና ሴቷ ጫጫታ ባለበት መጠጥ ቤት ተቀምጠው ያወራሉ፤ እሱ አንዱን ጉዳይ ሳይጨርስ ሌላ ያነሳል፣ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ወደ ፊተኛው ይመለሳል። የእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ተናጋሪዎችም ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ነው የሚከታተሉት።

አንድ ፊልም ለእርስዎ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሰብታይትሉን አጥፍተው ሁለት ጊዜ ያዳምጡና የሰሙትን ይጻፉ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ከፍተው ያስተያዩ። SDH የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይውሰዱ፤ መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀ ስለሆነ ንግግሩን ብዙም አያሳጥርም። ያመለጡዎትን ቃላት አንድ በአንድ «አላውቀውም» እና «አውቀዋለሁ፣ አልሰማሁትም» እያሉ ይለዩ። እንበል 40 ቃል አመለጠዎት፤ 30ው የማያውቁት ከሆነ ፊልሙን ለጊዜው ይተዉት። 30ው የሚያውቁት ከሆነ ግን ችግሩ የጆሮ ነውና ያው ሁለት ደቂቃ በየቀኑ ሲደመጥ ይፈታል። ከግማሽ በላይ ካመለጠዎት ደግሞ ምክንያቱ ምንም ይሁን አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ።

የሰብታይትሉ ቋንቋ ራሱ ለውጥ ያመጣል። ሆልገር ሚተረርና ጄምስ ማክዊን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኔዘርላንዳውያን የስኮትላንድ ወይም የአውስትራሊያ ዘዬ ያለበት ቪዲዮ እንዲያዩ አደረጉ፤ ከስኮትላንድ የተመረጠው ኤድንብራ ላይ የሚያጠነጥነው «ትሬንስፖቲንግ» ነበር። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያነበቡት ከዚያ በፊት ያልሰሟቸውን ንግግሮች ደግሞ በመናገር የተሻሉ ሆኑ። በራሳቸው ቋንቋ ያነበቡት ግን ምንም ጽሑፍ ካላዩትም አነሱ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጆሮ የጠረጠረውን ድምፅ ከትክክለኛው ቃል ጋር ያገናኘዋል፤ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ትርጉሙን ሰጥቶ ጆሮውን ከሥራ ያሳርፈዋል። የአማርኛ ሰብታይትል ያለው ፊልም ታሪኩን ለመደሰት መልካም ነው፤ ለልምምድ ሰዓት ግን ይጠፋ።

የእህቴ ልጅ አሁን ከአሥራ ሁለቱ ዳኞች ጋር ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ደብተሯ ላይ «ክን» እና «ካን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስምራ፣ ቃሏ በተሰማች ቁጥር ፊልሙን ታቆምና አንዱ ሥር ጭረት ታደርጋለች፤ ከዚያ ሰብታይትሉን ከፍታ ታመሳክራለች። ትናንት ሳያት ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ብቻ ነበር የሳተችው።